እኩል ያልተጫወቱ 12 ቡድኖችን በሬቲንግ ማሰለፍ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

የአማተር እግር ኳስ ውድድራችን 12 ቡድኖች አሉት። እስካሁን 48 ጨዋታ ተደርጓል። ችግሩ ሁሉም እኩል አልተጫወተም። አንዱ 11 ጊዜ ሜዳ ገብቷል፣ ሌላው 5 ጊዜ ብቻ። ዝናብ ያስቀረው ጨዋታ አለ፣ ዘግይቶ የገባ ቡድን አለ። በዚያ ላይ የምንጫወተው በሁለት ሜዳ ነው። 6ቱ ቡድኖች የላይኛው ሜዳ፣ 6ቱ የታችኛው ሜዳ ናቸው፤ በአብዛኛውም እርስ በርሳቸው ነው የሚገጥሙት።

አስተባባሪው ለቀጣዩ ዙር ምድብ ለማውጣት ደረጃ ይፈልጋል። ሥራው ለእኔ ደረሰ። በዚህ ማስታወሻ የቡድኖቹን ስም በእንስሳት ስም ቀይሬዋለሁ።

ዛሬ ነጥብ ሠንጠረዡን ብቻ አየሁ። አናት ላይ ያለው ነብር ነው፦ 11 ጨዋታ፣ 8 ድል፣ 1 አቻ፣ 2 ሽንፈት፣ 25 ነጥብ። ንስር ወረድ ብሎ ይገኛል፦ 6 ጨዋታ፣ 3 ድል፣ 2 አቻ፣ 1 ሽንፈት፣ 11 ነጥብ። በጨዋታ ብዛት ባካፍለውም ነብር ይበልጣል፣ 2.27 ለ1.83።

ግን ነብር የታችኛው ሜዳ ቡድን ነው፤ ከ11 ጨዋታዎቹም 7ቱን ያደረገው ከዚያው ሜዳ ሦስት ደካማ ቡድኖች ጋር ነው። የላይኛው ሜዳው ንስር አንድም ቀላል ተጋጣሚ አልነበረውም። አማካይ ነጥብ የጨዋታን ብዛት ያስተካክላል እንጂ የተጋጣሚን ክብደት አያውቅም። ስለዚህ ማንን እንዳሸነፉ የሚያይ ነገር ያስፈልገኛል።

ቀን 2

ኤሎ የሚባለውን የሬቲንግ ዘዴ መረጥኩ። ስሙ የመጣው ከአርፓድ ኤሎ ነው፤ ሀንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የፊዚክስ መምህርና የቼዝ ተጫዋች። የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን ዘዴውን በ1960 ተቀበለው፣ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970። ፊፋም የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖችን ደረጃ ከ2018 ጀምሮ የሚያወጣው በዚሁ ሐሳብ ላይ ቆሞ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁሉም ቡድን በ1500 ይጀምራል። ከጨዋታው በፊት የሁለቱን ሬቲንግ ልዩነት አይተን ምን ያህል እንደሚጠበቅ እናሰላለን። ከጨዋታው በኋላ ውጤቱ ከተጠበቀው በላይ ከሆነ ሬቲንጉ ይጨምራል፣ በታች ከሆነ ይቀንሳል። ድል 1፣ አቻ 0.5፣ ሽንፈት 0 ነው። አንዱ ያገኘውን ያህል ሌላው ያጣል።

```python
def expected(ra, rb):
    return 1 / (1 + 10 ** ((rb - ra) / 400))

def update(r, a, b, s, k=30):
    change = k * (s - expected(r[a], r[b]))
    r[a] += change
    r[b] -= change
```

400 የሚለው ቁጥር መለኪያውን ለመዘርጋት ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ የ100 ነጥብ ብልጫ ማለት ከ1 ላይ 0.64 መጠበቅ ነው፣ የ200 ደግሞ 0.76። ፊፋ በ400 ፈንታ 600 ይጠቀማል፤ ቁጥሮቹ ይሰፋሉ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። k አንድ ጨዋታ ሬቲንጉን ምን ያህል ማንቀሳቀስ እንደሚችል ይወስናል። ለጊዜው 30 አድርጌዋለሁ።

ማታ ላይ አንድ ስህተት ያዝኩ። ይህን ለሚሠራ ሰው ሁሉ ልንገር፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ቁጥሩም ጤነኛ ይመስላል። ከላይ ያለው ኮድ የተስተካከለው ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት የአሸናፊውን ሬቲንግ ከቀየረ በኋላ በአዲሱ ሬቲንግ የተሸናፊውን ያሰላ ነበር። ሁለት የ1500 ቡድኖች ቢገናኙ አሸናፊው 1515 ይሆናል። ተሸናፊው 1485 መሆን ሲገባው፣ ተጋጣሚው 1515 የነበረ መስሎት 1485.65 ላይ ይቆማል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ 0.65 ተፈጠረ ማለት ነው።

የነቃሁት ድምሩን ሳየው ነው። 12 ቡድን በ1500 ሲባዛ 18,000 ነው፤ መቼም ከዚያ ንቅንቅ ማለት የለበትም። የእኔ 18,021.6 አወጣ። መዝገባችን አሸናፊውን ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚጽፍ ስህተቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተጠራቀመ። አሁን ለውጡን አንዴ አስልቼ ለአንዱ ደምሬ ከሌላው እቀንሳለሁ። ድምሩም ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ይፈተሻል።

ቀን 3

48ቱን ጨዋታዎች በቀናቸው ቅደም ተከተል አሳለፍኩ። ነብር 1583፣ ንስር 1536።

እውነት ለመናገር ከፋኝ። ተጋጣሚን የሚመዝን ዘዴ ነው ብዬ አምጥቼው፣ ነብርን አሁንም በ47 ነጥብ አስበለጠው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኬን ነው። ለዚህ መፈተሻ አለ፦ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት የተጠበቀውን ጽፎ ይዞ፣ ከውጤቱ ጋር ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝቶ አማካይ ማውጣት። አነስ ያለ ቁጥር የተሻለ ግምት ነው። ማወዳደሪያው ምንም ሳያውቅ ሁልጊዜ 0.5 የሚል ሰው ነው። ከ48ቱ 10ሩ አቻ ስለሆኑ ለእነሱ ስህተቱ 0 ነው፤ በቀሩት 38 ላይ 0.25 ይሳሳታል፤ አማካዩ 0.198 ይሆናል። ብዙ ቦታ ማወዳደሪያው 0.25 ነው ይባላል። አቻ በሌለበት ስፖርት ልክ ነው፤ እኛ ጋ ቢሆን ግን ደካማ ግምትን ጎበዝ ያስመስል ነበር።

ኬ 15 ሲሆን 0.188፣ 30 ሲሆን 0.184፣ 60 ሲሆን 0.191። ሦስቱም ከ0.198 ይሻላሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን በ48 ጨዋታ ብቻ የሚታመን አይደለም። 30ን ይዤ ቀጠልኩ። ጥፋቱ እዚህ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ በሦስቱም ኬዎች ነብር ከንስር በላይ ነው።

ቀን 5

ትናንት ምንም አልሠራሁም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። ጨዋታዎቹን በወረቀት ላይ ሣልኳቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር። ሁለት የተጠላለፉ ክሮች ታዩኝ፣ በመካከላቸው ደግሞ 5 ቀጫጭን መስመሮች። ከ48ቱ ጨዋታዎች 43ቱ በየሜዳው ውስጥ የተደረጉ ናቸው። ላይኛውን ከታችኛው የሚያገናኙት 5 ብቻ ናቸው።

ይህ ለምን ሁሉን ነገር እንደሚያበላሽ ልዘርዝረው። በኤሎ ነጥብ አይፈጠርም፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ። የታችኛው ሜዳ ቡድኖች እርስ በርስ ብቻ ቢጫወቱ አማካያቸው ለዘላለም 1500 ነው። የላይኞቹም እንዲሁ። ያኔ የአንዱ መንደር አንደኛና የሌላው መንደር አንደኛ ቁጥራቸው ቢቀራረብ ምንም ትርጉም የለውም። ሁለቱም ከየራሳቸው ጎረቤት እንደሚበልጡ ብቻ ነው የሚነግረን። ደካማ ሰፈር ውስጥ ብዙ የተጫወተ ቡድን የጎረቤቶቹን ነጥብ ሰብስቦ ከፍ ይላል። ነብር የሆነው ይህ ነው።

ነጥብ ከሜዳ ወደ ሜዳ የሚሻገረው በ5ቱ ድልድይ ጨዋታዎች ብቻ ነው። በእነዚህ ላይኞቹ 4 አሸንፈው በ1 አቻ ወጥተዋል፤ ከ5 ላይ 4.5 ማለት ነው። ተጋጣሚዎቹን በግርድፉ እኩል ብንላቸው የሚጠበቀው 2.5 ነበር። የተሻገረው ነጥብ 30 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 60። ያ 60 ለ6 ቡድን ሲካፈል 10 ነው። ላይኞቹ በአማካይ በ10 ከፍ አሉ፣ ታችኞቹ በ10 ዝቅ አሉ፤ ክፍተቱ 20 ሆነ።

እንግዲህ በሁለቱ ሜዳዎች መካከል ያለው እውነተኛ ክፍተት 100 ቢሆንስ? ያን ለማሳየት ከታች ወደ ላይ 300 ነጥብ መሻገር አለበት። 5 ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ከ30 በላይ ማሻገር የማይችል፣ ቢበዛ ቢበዛ 150 ነው። ማለትም ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ በዚህ መርሃ ግብር ከ1500 ተነስቶ እውነቱ ላይ መድረስ አይቻልም።

ቀን 6

አንዱን ድልድይ ተከትዬ ሄድኩ። ነብር በ1560 እያለ ከላይኛው ሜዳ አራተኛ ከሆነው ጎሽ ጋር ተገናኘ። ጎሽ 1480 ነበር። የ80 ልዩነት ለነብር 0.613 ይሰጠዋል። ጎሽ አሸነፈ፤ 30 ሲባዛ በ0.613፣ 18.4 ነጥብ ወደ ጎሽ ሄደ።

ለንስር ከዚህ ምን ደረሰው? ምንም። ንስር ጎሽን ያሸነፈው ከዚያ በፊት፣ ጎሽ ገና ዝቅተኛ ሬቲንግ ሳለ ነው። ጎሽ ጠንካራ እንደሆነ ከጊዜ በኋላ ብናውቅም የድሮው ጨዋታ ተመልሶ አይታረምም። ኤሎ ወደፊት ብቻ ነው የሚያየው። ረጅም የውድድር ዘመን ያለውና ሁሉም ደጋግሞ የሚገናኝበት ሊግ ውስጥ ይህ በጊዜ ይስተካከላል። 6 ጨዋታ ብቻ ላለው ቡድን ግን ጊዜ የለም።

ለማረጋገጥ የ48ቱን ጨዋታዎች ቅደም ተከተል በዘፈቀደ በውዤ ደጋግሜ አሳለፍኩ። ውጤቶቹ ያው፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ የተለየ። የንስር ሬቲንግ በአንዳንዱ ሙከራ ከሌላው በ30 ነጥብ ተለያየ። ቀኑ ብቻ ተቀያይሮ ደረጃ የሚገለበጥ ከሆነ፣ በዚያ ልዩነት ላይ ቆሜ ማንንም አንደኛ ብዬ መጥራት አልችልም።

ሌላም ነገር አየሁ። ከ5ቱ ድልድዮች 4ቱ በላይኛው ሜዳ የተደረጉ ናቸው። በየሜዳው ውስጥ ሁሉም ባለሜዳ ስለሆነ ጉዳዩ አይነሳም፤ በድልድዮቹ ላይ ግን ይነሳል። የብሔራዊ ቡድኖችን የኤሎ ደረጃ የሚያወጣው `eloratings.net` ለባለሜዳ 100 ነጥብ ይጨምራል። ያን ከወሰድኩ ላይኞቹ ከ5ቱ የሚጠበቅባቸው 2.5 ሳይሆን 2.92 ነው። የተሻገረውም ከ60 ወደ 47 ይወርዳል። ጭማሪው የሚገባው በግምቱ ስሌት ውስጥ ብቻ ነው፤ የቡድኑ ሬቲንግ ላይ አይቀመጥም።

ቀን 7

መፍትሔውን ሞከርኩ። 48ቱን ጨዋታዎች አንዴ ካሳለፍኩ በኋላ፣ የመጨረሻውን ሬቲንግ እንደ መነሻ ይዤ ያንኑ 48 እንደገና አሳለፍኩ። ከዚያ እንደገና። በሁለተኛው ዙር ንስር ጎሽን ሲያገኝ ጎሽ ከነብር የወሰደውን ነጥብ ይዞ ነው የሚጠብቀው። መረጃው ወደኋላ ተመለሰ ማለት ነው። በሁለቱ ሜዳዎች አማካይ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ዙር በኋላ 16 ነበር፤ ከ5 ዙር በኋላ 64 ደረሰ። በ3ኛው ዙር ንስር ነብርን አለፈው።

ደስ ብሎኝ 20 ዙር አስኬድኩት። ያኔ አቦሸማኔ አበደ።

አቦሸማኔ ዘግይቶ የገባው የላይኛው ሜዳ ቡድን ነው። 5 ተጫውቶ 5ቱንም አሸንፏል። ከ20 ዙር በኋላ ሬቲንጉ 1970ን አለፈ፣ አሁንም ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሁሉንም ያሸነፈ ቡድን ከተጠበቀው በላይ እንጂ በታች ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ በየዙሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጣሪያ የለውም። ሁሉንም የተሸነፈ ቡድን ደግሞ ወለል የለውም።

የተጠቀምኩበት መላ የታወቀ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን በየዙሩ ሁለት የይስሙላ አቻዎች ሰጠሁት፣ ሁልጊዜ 1500 ላይ ከሚቆም ምናባዊ ተጋጣሚ ጋር። ይህ አቦሸማኔን ወደ መሐል ይጎትተዋል። ተጋጣሚዎቹ በአማካይ 1500 ቢሆኑ የት እንደሚቆም በእጅ ማስላት ይቻላል፦ 7 ጨዋታ፣ 6 ነጥብ፤ የሚጠበቅበት 6 ለ7 እስኪሆን ይወጣል፣ እርሱም 1811 ነው። 11 ጨዋታ ያለው ነብር በሁለት አቻ ብዙም አይጎተትም። 5 ብቻ ያለው ይጎተታል። ትንሽ መረጃ ላለው ቡድን ትንሽ ማመን የሚባለውን በቁጥር ያስቀመጠልኝ ይህ ነው፤ ከዘዴው ሁሉ የምወደው ክፍል ሆኗል።

ሁለት ማሳሰቢያ ለራሴ። ምናባዊው ተጋጣሚ ነጥብ ሲሰጥና ሲቀበል የ18,000ው ድምር ይዛባል፤ ስለዚህ መፈተሻው የእሱንም ሒሳብ መጨመር አለበት። ሁለተኛ፣ ኬ 30 ላይ ከቆየ ቁጥሮቹ አይረጉም፤ ከላይ ታች ይዋልላሉ። በየዙሩ እየቀነስኩ ወደ 1 አወረድኩት። ከዚያ በኋላ የጨዋታዎቹን ቅደም ተከተል ብበውዝም ውጤቱ ከ2 ነጥብ በላይ አልተነቃነቀም።

የረጋው ሬቲንግ፦ አቦሸማኔ 1811፣ ንስር 1598፣ ነብር 1561። አቦሸማኔ ከ6 ጨዋታ በታች ስላለው ኮከብ አድርጌበታለሁ፤ ደረጃው ጊዜያዊ ነው።

ቀን 8

ለአስተባባሪው አሳየሁት። የነብር አምበልም ነበር። ዝም ብሎ አየና፣ «25 ነጥብ ይዘን ሦስተኛ?» አለኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ መስመሮቹን አሳየሁት። ከጎሽ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ጣቱን አስቀምጦ አየው። «እሱ ጨዋታ ላይ እኮ በረኛችን አልነበረም።»

ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ዘዴው በረኛውን አያውቅም። ድልድዩ 5 ብቻ ሲሆን የአንድ ቀን አጋጣሚ የአንድ ሜዳን ሙሉ ደረጃ ይገፋል። የደመርኩት ዙር ይህን አያድንም። ዙር መጨመር ያለውን መረጃ አሟጦ ለመጠቀም ነው እንጂ አዲስ መረጃ አይወልድም። ሠንጠረዡ ላይ በአንድ ሜዳ ውስጥ ያለውን ቅደም ተከተል እተማመንበታለሁ። የሁለቱን ሜዳ አቀላቅሎ ያስቀመጠውን ግን በጣም ጥቂት ነው የማምነው። ይህንኑ ከሠንጠረዡ ሥር ጻፍኩ።

ለአስተባባሪው የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ቀጣዮቹ ነፃ ቀናት ላይ በየሜዳው ውስጥ ሌላ ጨዋታ ከመጨመር 4 ድልድይ ጨዋታ ይጨመር፣ ሁሉም በታችኛው ሜዳ። እሺ አለ።

ቀን 16

አራቱም ጨዋታዎች ተደረጉ። ግምቱን አስቀድሜ ጽፌ ለአስተባባሪው ሰጥቼው ነበር። አንዴ ብቻ ያሳለፈው ኤሎ ታችኞቹ ከ4 ላይ 2.4 ያገኛሉ አለ። የረጋው 2.0 አለ። ያገኙት 1.5 ነው፦ 1 ድል፣ 1 አቻ፣ 2 ሽንፈት።

የረጋው ቀረብ ብሏል። በ4 ጨዋታ ግን አልፎክርም። ይልቅ ያሳሰበኝ ሁለቱም ለታችኞቹ አብዝተው መገመታቸው ነው። ሁለቱም ለባለሜዳ 100 ጨምረዋል። ለብሔራዊ ቡድኖች የሚሠራ ቁጥር፣ ተመልካች ለማይበዛበትና ተጋጣሚው በእግሩ ለሚመጣበት ሜዳ ሳይበዛ አልቀረም። 50 ብሎ መሞከር ይሻላል።

ከዛሬ ጀምሮ ዙር መደጋገም አቁሜያለሁ። የረጋው ሬቲንግ መነሻ ሆኗል፤ ከዚህ በኋላ ኬ ወደ 30 ተመልሶ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ አንዴ ብቻ ይታደሳል። መጀመሪያ ያደስኩት ነብርና ንስር የተገናኙበትን ነው። 1 ለ1 ነው የወጡት። በ100 ጭማሪ ነብር 1661 ሆኖ ይቆጠራል፣ ንስር 1598፤ ከነብር የሚጠበቀው 0.59 ነው። አቻው 2.7 ነጥብ ያስከፍለዋል። በ50 ጭማሪ ግን የሚጠበቀው 0.519 ነው፣ የሚያጣው 0.6 ብቻ።

የነብር አምበል ማታ ደወለ። «በሜዳችን አቻ ስለወጣን ይቀነስብናል?» በ50ው እንዳሰላሁት ነገርኩት። አሁን ነብር 1560.4፣ ንስር 1598.6። የመልሱ ጨዋታ በላይኛው ሜዳ መርሃ ግብር ውስጥ ገብቷል።